ሳጥኑ የጻፈው፣ ዘለላው የሚናገረውና ያበጠው እጅ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከሃያ ቀን በኋላ የእህቴ ሠርግ ስላለ አንድ ሪላክሰርና አንድ ጥቁር የጸጉር ቀለም ገዝቻለሁ። ሪላክሰሩ ‹ኖ ላይ›፣ ቀለሙ ‹አሞኒያ የሌለው› ይላል። ጸጉር የምትሠራልኝ ልጅ ‹እንዲህ ከሆነ ሙከራ አያስፈልግም› አለችኝ። ሳጥኖቹ ላይ ግን አንድ የቆዳ፣ አንድ የጸጉር ዘለላ ሙከራ ተጽፏል። አንዱን ብቻ ብሠራ አይበቃም? ሪላክሰር ከተቀባሁ አራት ወር ሆኖኛል፤ በመሃል ቀይ ሂና እቀባለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ ሠርግ ላይ እጄን ጥቁር ሂና ተቀብቼ በሁለተኛው ቀን አብጦ ውሃ ቋጥሮ ነበር። እሱስ ከዚህ ጋር ይገናኛል? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከእጅሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው። የቀለሙን ሳጥን አትክፈቺው። ለሙከራ እንኳን አትክፈቺው።

ንጹሕ ሂና ጥቁር አይሆንም። ሐረር ያደገ ሰው ይህን ከእናቱ ያውቃል፤ ቅጠሉ ተፈጭቶ ይቦካል፣ እጅ ላይ ተለጥፎ ሰዓታት ይቆያል ወይም ያድራል። ሲነሳ ብርቱካን ይመስላል፤ ወደ ቡናማ ቀይ የሚጠቁረው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነው። በግማሽ ሰዓት እንደ ቀለም እስክሪብቶ ጥቁር ሆኖ የሚይዝ «ሂና» ውስጥ ሌላ ነገር ገብቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን ነው፤ ባለሙያዎች በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። ጥቁር የጸጉር ቀለምን ጥቁር ከሚያደርጉት ዋነኛ ነገሮች አንዱም ይኸው ፒፒዲ ነው። በአውሮፓ ሕግ ጸጉር ላይ በሚደርሰው ውህድ ውስጥ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ መቀባት ግን ጭራሽ አይፈቀድም። ሠርግ ቤት በቀጭን ቱቦ እጅ ላይ የሚጨመቀውን ግን ምን ያህል እንዳለበት የሚለካው የለም።

ያንቺ እጅ ያበጠው በሁለተኛው ቀን መሆኑ ብዙ ይናገራል። ቆዳን በጠንካራነቱ ብቻ የሚያቆስል ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በተቀባበት ሰዓት ያቃጥላል። አለርጂ ግን ይዘገያል፤ ማሳከኩ፣ መቅላቱና ውሃ መቋጠሩ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል። ሰውነት ደግሞ አንዴ የለየውን አይረሳም፤ ከዓመታት በኋላም ያውቀዋል። ጸጉር ላይ ሲደገም ብዙ ጊዜ የሚያብጠው የራስ ቆዳው ሳይሆን ግንባር፣ ጆሮና የዓይን ቆብ ነው፤ የዓይን ቆብ ቆዳ ስስ ነውና። ሁለቱም ዓይኖቿ ተከድነው ጠዋት ደጄን ያንኳኳች ደንበኛ አይቻለሁ። «ቀለሙ እኮ የራስ ቆዳዬን ምንም አላደረገኝም» ነበር የምትለው።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ሳጥን ከሆነ አዙሪውና በትንሹ የተጻፈውን አንብቢ። ቀለሙን መጠቀም የሌለበት ማን እንደሆነ ሲዘረዝር ሦስት ሰዎችን ታገኛለሽ፦ ፊቱ ላይ ሽፍታ ያለበት ወይም የራስ ቆዳው የቆሰለ፣ ጸጉር ቀለም ከዚህ በፊት ያሳከከው፣ ጥቁር ሂና ቆዳው ላይ ችግር ያመጣበት። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ። ይህ ጽሑፍ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ንጥረ ነገር የያዘ የሽፋሽፍት ቀለም ሴቶችን ዓይነ ስውር አድርጎ ነበር። በ1938 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ የጸጉር ቀለሞች ሳጥናቸው ላይ «አስቀድመህ ቆዳህ ላይ ሞክር፣ ለቅንድብና ለሽፋሽፍት አትጠቀም፣ ዓይን ያጠፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲይዙ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ቅንድባችሁን በጸጉር ቀለም የምታጠቁሩም ብታነቡት መልካም ነው።

«ታዲያ ትንሽ ጠብታ ክርኔ ላይ ብሞክረውስ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ያ ሙከራ የተዘጋጀው ከዚህ በፊት ምንም ላልገጠመው ሰው ነው። አንዴ ውሃ የቋጠረበት ሰው በቤቱ ከሞከረ ቁስሉን በገዛ እጁ መልሶ መጥራቱ ነው፤ ጠባሳም ሊቀር ይችላል። ማረጋገጥ ከፈለግሽ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ እሱ 1 በመቶ ፒፒዲ በቫዝሊን ተለውሶ በተዘጋጀ መድኃኒት ጀርባሽ ላይ ለሁለት ቀን ለጥፎ ያየዋል። እስከዚያው ለጥርስ ሐኪምና ለፋርማሲ ባለሙያም ንገሪ። ቤንዞኬይን የሚባለው ቆዳንና ድድን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከፒፒዲ ጋር ዝምድና ስላለው አንዳንዱን ሰው አብሮ ያስቆጣል። ወደ ጸጉር ሥራ ከመግባቴ በፊት ፋርማሲ ውስጥ ስለሠራሁ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አሁን «አሞኒያ የሌለው» ወደሚለው ልምጣ። አሞኒያ በቀለም ውስጥ የሚገባው የጸጉሩን የላይኛ ቅርፊት እንዲያላቅቅና ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ነው። አሞኒያ በሌለበት ቀለም ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ኢታኖላሚን ይሠራል፤ ሽታው ደካማ ስለሆነ ዓይንና አፍንጫ አያስለቅስም። ለውጡ ይኸው ነው። አለርጂ የሚያመጣው ንጥረ ነገር በዚያው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ከፊት የተጻፈውን ትልቅ ፊደል ትተሽ ከጎኑ ያለውን ዝርዝር ተመልከቺ። በውስጡ «ዳያሚን» የሚል ያለበት ስም ካየሽ ላንቺ አይሆንም። ቶሉይን ዳያሚን የተባለውም በፒፒዲ ምትክ የገባ ነው፤ በፒፒዲ ከሚቸገሩት ብዙዎቹ በእሱም ይቸገራሉ። ከፒፒዲ ተሻሽሎ የወጣ ሌላ ዳያሚንም አለ፤ ጤነኛን ሰው አዲስ አለርጂ የማስያዝ ዕድሉ ያነሰ ነው። አለርጂው ቀድሞ ለያዘው ግን ዋስትና አይሆንም።

ዝርዝሩ ካልተነበበልሽ ሌላ ምልክት አለ። ሁለት ነገር ቀላቅዪ የሚል ቀለም፣ ማለትም አንዱ ክሬም ሌላው ፐሮክሳይድ ከሆነ፣ ከዚህ ቤተሰብ ነው ብለሽ ተነሺ። ይህ ምልክት የሚያሳስተው በአንድ ቦታ ነው። ከከተማችን ገበያዎች ከታይዋንም ከቀፊራም በፍሬ የሚገዛው፣ በውሃ ብቻ የሚበጠበጠው ጥቁር ዱቄት ፒፒዲውንም ማጥቆሪያውንም በአንድ ከረጢት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከረጢቱ ላይ የቅጠል ሥዕልና «ሂና» የሚል ጽሑፍ መኖሩ አይለውጠውም። ጢማቸውን በእሱ የሚያጠቁሩ አባቶች አገጫቸውን ሲያክኩ አይቼ «ከዱቄቱ ነው» ስላቸው አያምኑኝም።

ወደ ሁለቱ ሙከራዎች ስንመጣ፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። የቆዳ ሙከራው የሚጠይቀው ሰውነትሽን ነው፤ 48 ሰዓት የሚፈልገውም አለርጂ ስለሚዘገይ ነው። የዘለላ ሙከራው የሚጠይቀው ጸጉርሽን ነው፤ ይበጠሳል? ይለሰልሳል? በስንት ደቂቃ? የተቆረጠ ጸጉር አያሳክከውም፣ ክርን ደግሞ ስለ ጸጉር መበጠስ አያውቅም። ጸጉር ሠሪሽ ሁለቱንም በአንድ ቃል «ሙከራ» ስላለቻቸው ነው አንዱ የበቃት የመሰላት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሪላክሰርን እንደ ቀለም ክርንሽ ላይ ቀብተሽ እንዳታቆዪው። እሱ ቆዳ የሚልጥ ነገር ነው። ለሪላክሰር የሚሠራው የዘለላ ሙከራው ነው።

«ኖ ላይ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። ትርጉሙ «ኮስቲክ ሶዳ የለበትም» ማለት ብቻ ነው። በክሬሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ እኛ በአማርኛ ኖራ የምንለው፣ ግድግዳ የሚለቀለቅበት። በትንሹ ጠርሙስ ያለው ጓኒዲን ካርቦኔት ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ የሚባል ብርቱ አልካሊ ይወለዳል፤ ጸጉሩን የሚያቃናው እሱ ነው። ፒኤቹ ከኮስቲክ ሶዳው እምብዛም አይርቅም፤ ሁለቱም ከ12 በላይ ናቸው፣ የቆዳሽ ግን 5 ገደማ ነው። እርግጥ ኖ ላይ የራስ ቆዳን ቶሎ አያቃጥልም፤ ለቤት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ጸጉሩ ነው። ውህዱ ሲሠራ የኖራ ጠመኔ ጸጉር ላይ ይቀራል፣ ጸጉሩም ይደርቃል፣ ያብለጨልጭ የነበረው ይፈዛል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀምጠው የድሬዳዋ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በየሦስትና አራት ሳምንቱ ካልሲየም የሚያነሳ ሻምፑ መጠቀም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሕፃን ፎቶ ያለበት የልጆች ሪላክሰርም ከዚሁ የተለየ ኬሚስትሪ የለውም።

እንግዲህ ሪላክሰርሽን እንሞክረው። ቀላቅለሽ የተረፈውን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ኃይሉ ይለወጣል። ስለዚህ ሙሉውን ሳትቀላቅዪ በልኩ ውሰጂ። የክሬሙና የጠርሙሱ መጠን ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ ክሬሙ 200 ግራም፣ ፈሳሹ 50 ግራም ቢሆን አራት ለአንድ ነው ማለት ነው። ከወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ 8 ግራም ክሬም መዝነሽ፣ መርፌ በሌለው የመድኃኒት ስሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ጨምሪ። ሳህኑና ማንኪያው ፕላስቲክ ይሁኑ፤ አልሙኒየምን አልካሊው ይበላዋል። ጓንት አድርጊ። ክሬሙ ገና ስትከፍቺው ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ውሃው ከታች ከቀረ፣ በሱቁ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቆየ ነውና መልሺው።

ከሁለት ቦታ ዘለላ ቁረጪ፤ አንዱን ከማጅራት፣ አንዱን ከግንባር አካባቢ፣ ጸጉርሽ ቶሎ ከሚበጠስበት። ከሥሩ አስጠግተሽ የክብሪት እንጨት ያህል ወፍራም ይሁን፤ በሥሩ በኩል በክር እሰሪው። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋልና ባንቺ ዘለላ ላይ ከክሩ ቀጥሎ ወደ አራት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ገና ያልተነካ ጥቅልል ታያለሽ። ከዚያ በታች ያለው ሪላክሰር ያገኘው አሮጌው ነው፤ ሂናውም እዚያ ላይ ተደራርቧል። የማጅራቱን ዘለላ አዲሱን ክፍል ብቻ ቀቢው። የግንባሩን ግን እስከ ጫፉ ቀቢው። ጸጉር ሠሪሽ እጇ ሾልኮ አሮጌውን ብትነካው ምን እንደሚሆን እሱ ይነግርሻል።

ሰዓት ያዢ። ሳጥኑ «ቢበዛ 15 ደቂቃ» ካለ በ8ኛው ደቂቃ የማጅራቱን በማበጠሪያ ጀርባ አለስልሺው፤ ከዚያ በየሦስት ደቂቃው። የጠየቅሽኝን የሚመስል ጸጉር ባለፈው ግንቦት ሠርቻለሁ። ልጅቱ የሳቢያን ሰፈር ነች፤ እንዳንቺው አራት ወር የቆየ፣ ሂና ያለበት። በ8ኛው ደቂቃ ዘለላው ገና ጥቅልል ነበር። በ11ኛው ተፈታ፤ ሙሉ በሙሉ ቀጥ አላለም፣ ግን እኔ የምፈልገው እሱን ነው። እስከ ጫፉ የተቀባው ዘለላ ግን በዚያው በ11ኛው ደቂቃ ታጥቦ እርጥብ እያለ ስስበው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፤ ስለቀው አልተመለሰም፣ ደግሜ ስስበው ተበጠሰ። ጤነኛ እርጥብ ጸጉር ጥቂት ተስቦ ይመለሳል፤ ሙከራው በዋናነት የሚያየው ይህንን ነው። ስለዚህ ለእሷ ውሳኔው ግልጽ ሆነ፦ 11 ደቂቃ ከመቀባቱ ጭምር፣ አሮጌው ጸጉር ደግሞ በወፍራም ኮንዲሽነር ተሸፍኖ። ያለ ሙከራ በሳጥኑ 15 ደቂቃ ብሄድ ኖሮ ለሠርግ የደረሰችው በሻሽ ነበር። የማጅራቱም ዘለላ የተበጠሰ ከሆነ ደግሞ በዚያ ወር ሪላክሰር የለም፤ ሹሩባ አለ።

ይህ 11 ደቂቃ የድሬዳዋ 11 ደቂቃ ነው። ሙቀት አልካሊን ያፈጥነዋል። ይችው ልጅ በኅዳር ሐረር ዘመዶቿ ቤት ስትሠራ ዘለላዋ 14 ደቂቃ ጠየቀ። ሐረር ከእኛ በስድስት ሰባት መቶ ሜትር ከፍ ትላለች፤ ኅዳር ደግሞ ብርድ አለው። ስለዚህ ሙከራውን ሪላክሰሩን በምትቀቢበት ክፍልና በምትቀቢበት ሰዓት ሥሪው። ጠዋት ሞክረሽ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ከተቀባሽ የለካሽው ሌላ ነገር ነው።

ከመቀባትሽ በፊት የራስ ቆዳሽን ለጥቂት ቀናት አትከኪ፣ ጠንካራ ሹሩባም ፈትተሽ በዚያው ቀን አትቀቢ፤ የጥፍር ጭረት የማይታይ ቁስል ነው፣ አልካሊው ያገኘዋል። በግንባር፣ በጆሮና በማጅራት ዙሪያ ቫዝሊን ይቀባ። ከሁሉም በላይ ውሃ። ክሬሙ ከመቀላቀሉ በፊት ሁለት ሃያ ሊትር ጄሪካን ሞልቶ መቆም አለበት። ይህን የምለው ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ክሬም የተቀባች ደንበኛ ራሷን እንደደፋች ቧንቧው ስለጠፋብኝ ነው። ከጎረቤት ሱቅ የታሸገ ውሃ እያስገዛሁ አጠብኳት፤ ከጆሮዋ በላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ላይ ጸጉር ለመመለስ ወራት ፈጀ። ማቃጠል ከጀመረሽ ደቂቃው አልሞላም ብለሽ አትታገሺ፤ ወዲያው ታጠቢ። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አታፍስሺበት፣ ውሃ ብቻ። ዓይንሽ ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ አጥበሽ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂጂ። በመጨረሻ አብሮ በሚመጣው ማርከሻ ሻምፑ ታጠቢ። ብዙዎቹ አልካሊ ሲቀር አረፋቸው ሐምራዊ ሮዝ ይሆናል፤ አረፋው ነጭ እስኪሆን ሁለትም ሦስትም ጊዜ ደጋግሚው።

ጥቁረቱን ከየት ታመጪዋለሽ? ለአንቺ የምመርጠው ንጹሕ ሂናና ኢንዲጎ በተለያየ ከረጢት የተሸጠ ነው። በዝርዝሩ ላይ በአንዱ ላውሶኒያ ኢነርሚስ፣ በሌላው ኢንዲጎፌራ ቲንክቶሪያ ብቻ መጻፍ አለበት፤ ሌላ አንድም ቃል አይኑር። ሂናው መጀመሪያ ለሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ይታጠባል። ከዚያ ኢንዲጎው በለብ ያለ ውሃ ተቦክቶ ሳይቆይ ይቀባል፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆያል። መጀመሪያ አረንጓዴ ሰማያዊ ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ በሁለት ቀን ውስጥ አየር እያገኘው ይጠቁራል። አድካሚ ነው፣ ሽታውም እንደ እርጥብ ሣር ነው፤ የሳጥኑንም ያህል ድፍን ጥቁር አይሆንም። ቅጠልም ቢሆን የቆዳ ሙከራ ይሠራበታል። ይህን ከረጢት ከጆሮሽ ኋላ መሞከር ትችያለሽ፤ ከዝርዝሩ ውጭ ነገር መጨመሩን ከጠረጠርሽ ግን ጭራሽ አትግዢው። ፐሮክሳይድ ሳይቀላቀል ከጠርሙሱ በቀጥታ የሚቀቡ፣ በጥቂት እጥበት የሚለቁ ቀለሞችም አሉ። ጥቂት ባለ አለርጂዎች በእነሱም ስለሚቸገሩ ሐኪሙ ካየሽ በኋላ ይሁን።

ቀኑን አብረን እንቁጠር። ሪላክሰርና ማቅለም በአንድ ሰሞን አይሆኑም፤ ሁለት ሳምንት ይለያቸው። ነገ የዘለላ ሙከራውን ሥሪ፣ በአራተኛው ቀን ሪላክሰሩን ተቀቢ። በመሃል ያለውን ቀይ ሂና እርሺው። በ16ኛው ቀን ኢንዲጎውንና ሂናውን ከጆሮሽ ኋላ ሞክሪ፤ በ18ኛው ቀን ጸጉርሽን ተቀቢ። ሠርጉ ላይ ስትደርሺ የመጨረሻውን ጥቁረት ያገኛል። የታሸገውን የቀለም ሳጥን ሱቁ ካልተቀበለሽ ለሌላ ስጪው፤ ግን የቆዳ ሙከራውን ሳትሠራ ለምትቀባ ሰው አትስጪ።

በሠርጉ ዋዜማ የሂናው ሌሊት ላይ ደግሞ ያ ጥቁር ቱቦ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አይቀርም። የሙሽራዋ እህት ነሽና አንቺን ቀድመው ይይዙሻል። ተቦክቶ ሌሊቱን የሚያድረውን ቀዩን ሂና ከቤት ይዘሽ ሂጂና እጅሽን በእሱ ቀድመሽ አስይዢው።